ሾጣጣ ጣሪያ ያለው ሲሎ አለካክ፦ ስንት ኩንታል ይይዛል? ስንት ካሬ ሜትር ላሜራ ይፈጃል?

ክብ የእህል ሲሎ ሁለት ቅርጾች ተደራርበው የሠሩት ነው። ግድግዳው ሲሊንደር፣ ጣሪያው ሾጣጣ ነው። የሁለቱም ቀመር አጭርና ለማስታወስ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው በቀመሩ ሳይሆን ቀመሩ ውስጥ በሚያስገባው ርዝመት ነው። የጣሪያው ቀጥ ያለ ከፍታና ተዳፋቱ ላይ የሚለካው ርዝመት ይምታታሉ፤ እህሉ የሚቆለልበት ቅርጽም ከጣሪያው ቅርጽ ጋር አንድ ተደርጎ ይታሰባል። ስለዚህ ትልቁን ቦታ ለልኬቱ እንስጠው።

እዚህ የምንሠራበት ሲሎ ወለሉ ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ ግድግዳው ላሜራ፣ ጣሪያውም ላሜራ ነው። በጣሪያው ጫፍ ላይ እህል የሚገባበት፣ ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክብ አፍ አለ። በስሌቱ ውስጥ አራት ፊደላትን እንጠቀማለን፦ r የወለሉ ሬዲየስ፣ H የግድግዳው ቁመት፣ h የጣሪያው ቀጥ ያለ ከፍታ፣ L ከጣሪያው ጫፍ እስከ ግድግዳው አናት ተዳፋቱን ተከትሎ የሚለካው ርዝመት። π 3.1416 ነው።

1. ሬዲየሱን ከዙሪያው ያውጡ

ሬዲየስ ለማግኘት ሜትር ይዞ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው መዘርጋት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሜትሩ በትክክል በመሃል ማለፉን ማረጋገጥ ከባድ ነው፤ ትንሽ ወደ ጎን ካለ ያጥራል። ቀጭን ላሜራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍጹም ክብ ሆኖ አይቆምም። ስለዚህ የጨርቅ ሜትር ወይም የማይለጠጥ ገመድ በውጭ በኩል አዙረው ዙሪያውን ይለኩ። ገመዱ ዙሪያውን በሙሉ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ከኋላ በኩል ወርዶ ከቆየ ልኬቱ ይረዝማል፤ ስለዚህ አንድ ሰው እየዞረ ያስተካክለው። ከዚያ ከፍ ባለ ሌላ ቦታ ላይ ይድገሙት።

የኛ ሲሎ ዙሪያ 18.85 ሜትር ወጣ። ለ 3.1416 ሲካፈል ዲያሜትሩ 6.00 ሜትር፣ ግማሹ ማለትም ሬዲየሱ 3.00 ሜትር ይሆናል።

ይዘት የሚሰላው በውስጠኛው ሬዲየስ ነው። ለስላሳ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለውጥ አያመጣም። ግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ከሆነ ግን 15ቱ ሴንቲ ሜትር ከሬዲየሱ ላይ ይቀነሳል። ሞገድ ያለው ላሜራ ላይ ደግሞ ሜትሩ የሚያርፈው በሞገዱ ጉብታ ላይ ስለሆነ የሞገዱን ጥልቀት ግማሽ ይቀንሱ።

እዚህ ላይ ትዕግሥት ማድረግ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ሬዲየሱ በስሌቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይባዛል። ዲያሜትሩን በ5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስረዝመው ቢለኩ የግድግዳው ክፍል ይዘት በ3.4 ሜትር ኩብ ያድጋል። ይህ በስንዴ 26 ኩንታል ገደማ ነው፤ በእውን የሌለ እህል።

2. የግድግዳውን ቁመት ይለኩ

ቁመቱ እህሉ ከሚያርፍበት ወለል ተነሥቶ ግድግዳውና ጣሪያው እስከሚገናኙበት መስመር ድረስ ነው። በውጭ በኩል የሚለኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የመሠረቱን ኮንክሪት አብረው ይቆጥሩታል። ስለዚህ በውጭ ከለኩ የውስጡ ወለል ከውጩ መሬት በስንት እንደሚበልጥ በበሩ በኩል አይተው ይቀንሱ። የኛ ግድግዳ 7.20 ሜትር ነው።

3. የጣሪያውን ከፍታ ይፈልጉ

ሲሎው ባዶ ከሆነ ከጣሪያው አፍ ጠርዝ እስከ ወለሉ ክብደት የታሰረበት ሜትር ያውርዱ። በኛ ሲሎ 8.64 ሜትር ነበር። ግድግዳው 7.20 ስለሆነ ከግድግዳው አናት እስከ አፉ ጠርዝ 1.44 ሜትር አለ። ይህ ገና የሾጣጣው ሙሉ ከፍታ አይደለም፤ አፉ ጫፉን ቆርጦታል። ጣሪያው 1.44 ሜትር የወጣው ከግድግዳው ወደ መሃል 2.70 ሜትር ሲጠጋ ነው፤ ይህም ሬዲየሱ 3.00 ሲቀነስ የአፉ ሬዲየስ 0.30 ነው። እስከ መሃል ቢቀጥል ኖሮ፦

```
h = 1.44 × 3.00 ÷ 2.70 = 1.60
L = √(r² + h²) = √(9.00 + 2.56) = √11.56 = 3.40
```

ስለዚህ ከፍታው 1.60 ሜትር፣ የተዳፋቱ ርዝመት 3.40 ሜትር ነው።

ሲሎው ሙሉ ሆኖ ሜትር ማውረድ ካልተቻለ ተዳፋቱን በውጭ ለክቶ ከፍታውን ማውጣት ይቻላል፤ h የ r² እና የ L² ልዩነት ስኩዌር ሩት ነው። ይህን መንገድ የምመርጠው ሌላ ሲታጣ ብቻ ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ሲሆን በተዳፋቱ ላይ የሚፈጠር ትንሽ ስሕተት ከፍታው ላይ ሲደርስ ያድጋል። ለምሳሌ ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይላል እንበል። ይህን ሳይቀንሱ 3.50 ብለው ቢያስሉ ከፍታው 1.80 ሜትር ይወጣል። የ10 ሴንቲ ሜትር ዝንጋታ 20 ሴንቲ ሜትር ሆነ ማለት ነው።

4. ይዘቱን ያስሉ

```
የወለል ስፋት = π × r² = 3.1416 × 9.00 = 28.2744፣ ማለትም 28.27 ካሬ ሜትር
ግድግዳ = 28.2744 × 7.20 = 203.58 ሜትር ኩብ
ጣሪያ = 28.27 × 1.60 ÷ 3 = 15.08 ሜትር ኩብ
ድምር = 218.66 ሜትር ኩብ
```

በጣሪያው ስሌት ውስጥ የገባው ቀጥ ያለው ከፍታ 1.60 ነው፤ 3.40 እዚህ ቦታ የለውም። ለ3 ማካፈልም ብዙ ጊዜ ይረሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የሾጣጣው ይዘት ያንኑ ወለልና ያንኑ ከፍታ ካለው ሲሊንደር አንድ ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ግድግዳው 7.20 ሆኖ ጣሪያው 1.60 ከሆነ የጣሪያው ድርሻ ከግድግዳው ይዘት አንድ አሥረኛ እንኳ መድረስ የለበትም። ከዚያ በልጦ ከወጣ ለ3 አላካፈሉም፣ ወይም በ1.60 ፈንታ 3.40 አስገብተዋል ማለት ነው።

በአፉ ምክንያት የጎደለው ጫፍስ? ጫፉ የሙሉው ሾጣጣ አንድ አሥረኛ ልክ ያለው ትንሽ ሾጣጣ ነው። ርዝመቱ ሁሉ አንድ አሥረኛ ሲሆን ይዘቱ አንድ ሺህኛ ይሆናል፤ ይህም 15 ሊትር ገደማ ነው። ተዉት።

የሲሎው ሥር እንደ ማንቆርቆሪያ ጠቦ የሚወርድ ከሆነ ያ ክፍል ሌላ የተገለበጠ ሾጣጣ ነው፤ በዚሁ ቀመር ለብቻው ተሰልቶ ይደመራል።

5. ቦታውን ከእህሉ ይለዩ

218.66 ሜትር ኩብ በሲሎው ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ነው። እህሉ ይህን ሁሉ አይሞላም። ከመሃል የሚወርድ እህል በራሱ ተዳፋት ይቆለላል። የደረቀ ስንዴ ክምር ከአግድም 25 ዲግሪ አካባቢ ያዘነብላል። የኛ ጣሪያ ደግሞ 28 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ክምሩ ጣሪያውን እየነካ አይሄድም፤ በመካከላቸው ባዶ ቦታ ይቀራል። ይህ ባዶ ቦታ ለአየር ስለሚያስፈልግ እህሉ በግድግዳው በኩል እስከ አናቱ እንዲደርስ አይደረግም።

በኛ ሲሎ እህሉ በግድግዳው በኩል 6.90 ሜትር ደረሰ፣ የክምሩ ጫፍ ደግሞ ከዚያ በላይ 1.40 ሜትር ወጣ እንበል። ክምሩ ሾጣጣ ስለሆነ ከፍታውን ለ3 አካፍለው ግድግዳው ላይ ባለው ከፍታ ላይ ይደምሩ። የሚያገኙት እህሉ ተደልድሎ ቢሆን ኖሮ የሚደርስበትን ከፍታ ነው።

```
የተደለደለ ከፍታ = 6.90 + 1.40 ÷ 3 = 7.37
እህሉ = 28.27 × 7.37 = 208.3 ሜትር ኩብ
```

ከታች በመሃል በኩል እህል ሲወጣ ደግሞ ላዩ ይገለበጣል፤ መሃሉ ይጎደጉዳል፣ ዳሩ ከፍ ብሎ ይቀራል። በግድግዳው በኩል 5.10፣ በመሃል 3.70 ሜትር ከሆነ የጉድጓዱ ጥልቀት 1.40 ነው። አሁን አንድ ሦስተኛው ይቀነሳል፦ 5.10 ሲቀነስ 0.467 እኩል ይሆናል 4.633። በ28.27 ሲባዛ 131.0 ሜትር ኩብ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የ5.10 እና የ3.70ን አማካይ ይወስዳል። 4.40 ያገኝና 124.4 ሜትር ኩብ ይላል። ልዩነቱ 6.6 ሜትር ኩብ፣ በስንዴ 51 ኩንታል ገደማ ነው። እህል ጠባቂውም ያለ ጥፋቱ አጉድለሃል ይባላል፤ ወይም በተቃራኒው ክምሩ ወደ ላይ ሲሆን የሌለ እህል በመዝገብ ይገባል። አማካዩ የሚያሳስተው ለምን እንደሆነ ለማየት ወለሉን ያስቡ። ከመሃል እስከ ሬዲየሱ ግማሽ ድረስ ያለው ክብ የወለሉን ሩብ ብቻ ይሸፍናል። የቀረው ሦስት ሩብ በዳር በኩል ነው። ስለዚህ አብዛኛው እህል የሚቀመጠው በግድግዳው አቅራቢያ ነው፤ ከመሃሉ ይልቅ የዳሩ ከፍታ ይበልጥ ይቆጠራል።

ከዚሁ የሚገኝ በጣም ጠቃሚ ነገር አለ። ከመሃል ተነሥተው የሬዲየሱን ሁለት ሦስተኛ ሲርቁ የሚገኘው የእህል ከፍታ ልክ የተደለደለው ከፍታ ነው። ክምሩ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች ለውጥ የለውም፤ ስሌትም አያስፈልግም። በኛ ሲሎ ይህ ቦታ ከመሃል 2 ሜትር፣ ከግድግዳው 1 ሜትር ላይ ነው። በጣሪያው ላይ በዚያ አቅጣጫ የመመልከቻ ክዳን ካለ ሜትሩን በዚያው ያውርዱ። ከክዳኑ እስከ እህሉ ያለውን ርቀት ከክዳኑ እስከ ወለሉ ካለው ላይ ቢቀንሱ ከፍታው ይገኛል። የሜትሩ ክብደት ሹል ቱምቢ ሳይሆን ጠፍጣፋ ብረት ይሁን፤ ሹሉ እህሉ ውስጥ ይሰምጥና ከፍታውን ያሳንሳል። እህሉ የገባበት አፍ መሃል ላይ ካልሆነ ክምሩ ወደ አንድ ወገን ያደላል። ያኔ በአራት አቅጣጫ ለክተው አማካዩን ይውሰዱ።

ለመለካት ብለው እህሉ ላይ አይውጡ። ከታች እህል እየወጣ ከሆነ ላዩ ሰውን በሴኮንዶች ውስጥ ወደ ታች ይስባል። ሳይወጣም ቢሆን እርጥበት ያያያዘው ንጣፍ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ሊቆይና ሊደረመስ ይችላል። ልኬቱ ሁልጊዜ ከክዳኑ ላይ ሆኖ ይወሰድ።

6. ወደ ኩንታል ይለውጡ

የአንድ ሜትር ኩብ ስንዴ ክብደት 770 ኪሎ ግራም፣ የበቆሎ 720 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ነገር ግን እንደ እርጥበቱ፣ እንደ ንጽሕናውና እንደ ዝርያው ይለያያል። የራስዎን እህል መመዘን ይሻላል። 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ከላይ እያፈሰሱ ይሙሉ፤ አይነቅንቁት፣ አይጫኑት። አፉን በቀጥ ያለ እንጨት አስተካክለው እህሉን ብቻ ይመዝኑ። 15.4 ኪሎ ግራም ከመዘነ በ50 ሲባዛ 770 ይሆናል።

የሞላው ሲሎ 208.3 ሜትር ኩብ ስለነበር በ770 ሲባዛ 160,391 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 1,604 ኩንታል ነው። በባዶው ቦታ 218.66 ቢሰላ ኖሮ 1,684 ኩንታል ይባል ነበር። ከታች ያለው እህል በላዩ ክብደት ስለሚጠቀጠቅ እውነተኛው መጠን ከስሌቱ ትንሽ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ይህ ስሌት ቦታ ለማቀድና ክምችት ለመከታተል ይበቃል፤ ለሽያጭ ግን ሚዛን ነው የሚቆረጥበት።

7. የገጽታውን ስፋት ያስሉ

አሁን 3.40 ቦታውን ያገኛል። ግድግዳው ተተርትሮ መሬት ላይ ቢዘረጋ ርዝመቱ ዙሪያው፣ ወርዱ ቁመቱ የሆነ አራት ማዕዘን ነው። ጣሪያው ሲዘረጋ ደግሞ ቁራጭ የጎደለው ክብ ይሆናል፤ የዚያ ክብ ሬዲየስ ተዳፋቱ ነው።

```
ግድግዳ = 2 × π × r × H = 18.85 × 7.20 = 135.72 ካሬ ሜትር
ጣሪያ = π × r × L = 3.1416 × 3.00 × 3.40 = 32.04 ካሬ ሜትር
```

በ3.40 ፈንታ 1.60 የገባ እንደሆነ ጣሪያው 15.08 ይወጣል። ይህ ስሕተት በራሱ ይጋለጣል፤ ምክንያቱም ወለሉ 28.27 ካሬ ሜትር ነው፣ ዘንበል ያለ ጣሪያ ደግሞ ከሚሸፍነው ወለል ሊያንስ አይችልም። የጣሪያዎ ስፋት ከወለሉ አንሶ ከወጣ ያስገቡት ከፍታውን ነው።

በትምህርት ቤት የተማርነው የሲሊንደር ሙሉ ገጽታ ሁለት ክቦችንም ይደምራል። እዚህ ሁለቱም አይገቡም። ላይኛው ክብ በእውን የለም፣ ግድግዳውና ጣሪያው የሚገናኙበት ባዶ መስመር ነው፤ ታችኛው ደግሞ ኮንክሪት ነው። በልማድ የደመራቸው ሰው 56.5 ካሬ ሜትር ላሜራ በከንቱ ያዝዛል።

ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ በተዳፋቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሚወጣ ከሆነ L 3.50 ይሆናል፤ ሬዲየሱም አብሮ ያድጋል፦ 3.00 × 3.50 ÷ 3.40 እኩል ይሆናል 3.09። የጣሪያው ስፋት ወደ 33.96 ካሬ ሜትር ይደርሳል። ለይዘት የማይቆጠረው ይህ ጠርዝ ለላሜራና ለቀለም ይቆጠራል።

ለውጭ ቀለም 135.72 እና 33.96 ተደምረው 169.68 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የቀለሙ ቆርቆሮ አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ካለና ሁለት ጊዜ የሚቀባ ከሆነ 34 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። የግድግዳው ላሜራ ሞገድ ካለው ግን ይህ አይበቃም። ቀጭን ሲባጎ በሞገዱ ጉብታና ስርጉድ ሁሉ ላይ እየለጠፉ አንድ ሜትር ከፍታ ይሸፍኑና ሲባጎውን አቅንተው ይለኩ። 1.10 ሜትር ከሆነ የግድግዳውን ስፋት በ1.10 ያባዙ፤ 149.29 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ ቀለሙም ወደ 37 ሊትር ይጠጋል።

8. ከስፋት ወደ ላሜራ ቁጥር

የግድግዳውን ስፋት ለአንድ ላሜራ ስፋት ማካፈል አያዋጣም። 2.50 በ1.25 ሜትር የሆነ ላሜራ 3.125 ካሬ ሜትር ነው። 135.72 ለዚህ ሲካፈል 43.4 ስለሚወጣ 44 ላሜራ የሚበቃ ይመስላል። አሁን በየመጋጠሚያው 5 ሴንቲ ሜትር መደራረቢያ እንተው። አንዱ ላሜራ በርዝመት 2.45፣ በቁመት 1.20 ሜትር ብቻ ይሸፍናል። ዙሪያው 18.85 ለ2.45 ሲካፈል 7.7 ነው፤ ስለዚህ በአንድ ቀለበት 8 ላሜራ ይገባል። ቁመቱ 7.20 ለ1.20 ሲካፈል 6 ቀለበት ነው። ስምንት ጊዜ ስድስት 48 ላሜራ። በስፋት ብቻ ያሰበ ሰው የመጨረሻውን ቀለበት በግማሹ ያቆማል።

ጣሪያው ከዚህም ይበላል፤ ምክንያቱም የሚቆረጠው ወደ ላይ እየጠበበ በሚሄድ ቁራጭ ነው። ወርዱ 1.25 ሜትር ከሆነ ጥቅል ላሜራ በ16 ቁራጭ ቢሠራ የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያ 19.40 ለ16 ሲካፈል 1.21 ሜትር ይሆናል። 3 ሴንቲ ሜትር መጋጠሚያ ሲጨመርበት 1.24 ሆኖ ለጥቂት ይገባል። በ15 ቁራጭ ልሥራ ቢሉ 1.32 ስለሚሆን ወርዱ አይበቃም። ርዝመቱ ከጠርዙ እስከ አፉ 3.16 ሜትር ነው፤ ይህም ከ3.50 ላይ የአፉ ድርሻ 0.34 ተቀንሶ ነው። 16 ጊዜ 1.25 ጊዜ 3.16 ሲባዛ 63.2 ካሬ ሜትር ላሜራ ይወጣል፤ ከጣሪያው ስፋት እጥፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ከየጎኑ የሚተርፉትን ሹል ቁራጮች ሁለት ሁለቱን ገጥሞ ሌላ ቁራጭ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን መሃሉ ላይ አንድ ተጨማሪ መጋጠሚያ ይፈጠራል፣ ዝናብ የሚያስገባውም መጋጠሚያ ነው። እኔ ለእህል ጣሪያ አላደርገውም።

ላሜራውን ከመቁረጥዎ በፊት ልኬቱን በካርቶን ይፈትኑ። በሬዲየስ 34 ሴንቲ ሜትር ክብ ይሥሩ፤ ይህ የተዳፋቱ አንድ አሥረኛ ነው። ከክቡ የሚቀረው ክፍል 360 × 3.00 ÷ 3.40 ሲሰላ 317.6 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ 42.4 ዲግሪ ያለው ቁራጭ ቆርጠው ያውጡ። ሁለቱን ጠርዞች ሳያደራርቡ አገናኝተው በፕላስተር ያያይዙና ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ሥሩ ከዳር እስከ ዳር 60 ሴንቲ ሜትር፣ ጫፉ ከጠረጴዛው 16 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ልኬቱ ትክክል ነው። ጫፉ 18 ላይ ከደረሰ ሥሩን ይለኩት፤ ጠቦ ያገኙታል፣ ከ42 ዲግሪው በላይ ቆርጠዋል ማለት ነው።